የራፓ ኑይ ደሴት ታላላቅ የድንጋይ ሐውልቶች እንዴት ተሠሩ? እንዴትስ ተጓዙ?

ከደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል በውቅያኖስ ላይ ለተጓዘ ሰው አንዲት ትንሽ ደሴት ትታየዋለች። ስፋቷ 164 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሦስቱ ማዕዘኖቿ ላይ ሦስት የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ቆመዋል። ነዋሪዎቿ ራፓ ኑይ ይሏታል። በ1722 በትንሣኤ በዓል ዕለት ያኮብ ሮጌቬን የተባለ የሆላንድ መርከበኛ ስለ ደረሰባት ግን አውሮፓውያን የፋሲካ ደሴት ብለው ሰየሟት፤ ከ1888 ጀምሮም የምትተዳደረው በቺሊ መንግሥት ሥር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ይህችን ደሴት ዓለም ያወቃት ሞአይ በሚባሉት የድንጋይ ሐውልቶቿ ነው። ቁጥራቸው ወደ አንድ ሺህ ይጠጋል። ብዙ ጊዜ በፎቶግራፍ የምናያቸው ረጅም አፍንጫና የተገፋ አገጭ ያላቸው ግዙፍ ጭንቅላቶች ስለ ሆኑ፥ ብዙ ሰው ጭንቅላት ብቻ ይመስሉታል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከተራራው ግርጌ የቆሙትን ሐውልቶች ባለፉት ብዙ መቶ ዓመታት ከሽቅብ የወረደው አፈርና ጠጠር እስከ ትከሻቸው ድረስ ቀበራቸው እንጂ፥ አፈሩ ሲቆፈር ሆዳቸውና እጃቸው ሳይቀር ተቀርጾ ይገኛል። የአማካዩ ሐውልት ቁመት 4 ሜትር፥ ክብደቱም 12 ቶን ተኩል፥ ማለትም 125 ኩንታል ያህል ነው።

የደሴቲቱ ሰዎች በዚያን ዘመን ብረት አያውቁም፤ መንኰራኵርም ሆነ የጋማ ከብት አልነበራቸውም። ሆኖም ከእነዚህ ሐውልቶች ብዙዎቹ ከተጠረቡበት ስፍራ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቀው በባሕር ዳር ባሉት መድረኮች ላይ ቆመው ነበር። ታዲያ በምን ኃይል ተጓዙ? ሽማግሌዎቹ ይህን ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «በእግራቸው ሄዱ» ይሉ ነበር። እንዲያውም አንድ ተረት አላቸው። በካባው ለጠራቢዎቹ ምግብ የምታበስል አንዲት አሮጊት ነበረች። አንድ ቀን ሠራተኞቹ ትልቅ የባሕር ሸርጣን መሰል እንስሳ አጥምደው ለእርስዋ ምንም ሳያስቀሩ ጨርሰው በሉት። አሮጊቷም ተቆጥታ ሐውልቶቹን በቃል አዘዘቻቸውና ሁሉም በመንገድ ላይ ሳሉ ወደቁ፤ ከዚያ ወዲህም አልተንቀሳቀሱም ይባላል።

የውጭ አገር ሰዎች ይህን ሲሰሙ ስቀው አለፉት። ዝርዝሩን ሊነግራቸው የሚችል ሰው እንዳያገኙ ያደረገ ግን አንድ ክፉ ታሪክ አለ። በ1862 ከፔሩ የመጡ መርከቦች ደሴቲቱን ወርረው፥ በሚቀጥለው ዓመት ጭምር 1,500 ያህል ሰዎችን ለባርነት ሥራ ወሰዱ። ከመካከላቸው ጥቂቶች በሕይወት ሲመለሱ የፈንጣጣ በሽታ ይዘው መጡ። በ1877 በደሴቲቱ የቀሩት ነዋሪዎች 111 ብቻ ነበሩ። አዋቂዎቹና ባለሙያዎቹ ሲያልቁ የሥራው ዝርዝር አብሮ ጠፋ፤ የተረፈው «ሄዱ» የሚለው አንድ ቃል ብቻ ሆነ። ስለዚህ ጥያቄውን ከሰው አፍ ይልቅ ከድንጋዩ መጠየቅ ግድ ሆነ። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ድንጋዩ የሰጠውን መልስ ነው።

በመጀመሪያ ወደ ካባው እንሂድ። ከጥቂቶቹ በቀር ሐውልቶቹ ሁሉ የተጠረቡት ራኖ ራራኩ በሚባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። የዚህ ተራራ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ አመድ ተጋግሮ የጸና ስለ ሆነ፥ ከሌላው ድንጋይ ይልቅ ለስላሳ ነው። መሣሪያቸውም ቶኪ የሚባል፥ በእጅ የሚያዝ፥ ጫፉ የሾለ የባዛልት ድንጋይ ነበረ። ሲደንዝ እንደ ገና ይሾላል፤ ሲሰበርም ይጣላል። ዛሬም በካባው ዙሪያ እነዚህ የድንጋይ መጥረቢያዎች እጅግ በዝተው ይገኛሉ።

ጠራቢዎቹ ሐውልቱን የሚቀርጹት በጀርባው እንደ ተንጋለለ ነው። ፊቱን፥ ደረቱንና እጆቹን ከላይ ይጀምሩና፥ በግራና በቀኝ ሰው ገብቶ ሊሠራበት የሚችል ቦይ ይቆፍራሉ። ከፊትና ከጎን ያለው ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ከሥር እየቦረቦሩ ይገባሉ፤ በመጨረሻ ሐውልቱን ከተራራው ጋር አያይዞ የሚቀረው በጀርባው መካከል ከላይ እስከ ታች የሚዘልቅ ቀጭን ድንጋይ ብቻ ነው። በ1955 እና በ1956 ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ አጥኚ ወደ ደሴቲቱ በሄደ ጊዜ ስድስት የአገሩ ሰዎች በድሮው ቶኪ እንዲጠርቡ አድርጎ ነበር። ሰዎቹ ድንጋዩን በውሃ እያራሱ ቢወቅሩ፥ በሦስት ቀን የአንድ ሐውልት ቅርጽ በጉልህ ወጣ። ከዚህም ተነሥተው አንድ መካከለኛ ሐውልት ለመጨረስ አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል ብለው ገመቱ።

በዚህ ሥራ ላይ የሚያጋጥመው ክፉ ነገር በለስላሳው ድንጋይ ውስጥ ተሰውሮ የሚገኝ ጠንካራ ድንጋይ ነው። ጠራቢው ለወራት ከደከመ በኋላ በአፍንጫው ወይም በአንገቱ ላይ እንዲህ ያለ እብጠት ቢያጋጥመው ቶኪው አይበሳውም፤ ስለዚህ ሐውልቱን ትቶ ሌላ ይጀምራል። በራኖ ራራኩ ወደ አራት መቶ የሚጠጉ ሐውልቶች እስከ ዛሬ መገኘታቸው፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ በጅምር መቅረታቸው፥ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ጅምር 21 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከተራራው ግን አልተለየም።

ቀጭኑ ማያያዣ ተቆርጦ ሲያልቅ ሐውልቱ በገመድ እየተያዘ ቁልቁል ይንሸራተታል። በተራራው አናት ላይ በድንጋዩ ውስጥ የተቆፈሩ ክብ ጉድጓዶች ተገኝተዋል፤ ገመዱ የሚጠመጠምባቸው ምሰሶዎች የሚተከሉባቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። በግርጌውም ሐውልቱ በተቆፈረለት ጉድጓድ ውስጥ በእግሩ ይቆምና፥ ሲንጋለል ያልተጠረበው ጀርባው በዚያ ይስተካከላል። ስለዚህ ሐውልቱ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ቆሞ ነበር ማለት ነው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ብዙ ሊቃውንት በመጀመሪያ ያሰቡት ሐውልቱ እንደ ገና ተንጋሎ በእንጨት ላይ ተጎትቷል ብለው ነው። ሄየርዳልም በ1956 ይህን ሞከረ፤ 10 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሐውልት መሬት ለመሬት ለመጎተት 180 ሰው አስፈለገ። በ1998 ጆ አን ቫን ቲልበርግ የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ ሐውልቱን በሁለት ረጃጅም ግንዶች ላይ አስተኝተው፥ ከሥሩ አግዳሚ እንጨቶች ቢደረድሩ፥ 40 ያህል ሰዎች ሊጎትቱት ቻሉ። ይህ መንገድ የሚቻል መሆኑ ታየ፤ ነገር ግን ብዙ እንጨት የሚፈልግ ነው፤ የሽማግሌዎቹንም ቃል አይፈታም።

በ1986 ፓቬል ፓቬል የሚባል የቼክ መሐንዲስ ከሄየርዳል ጋር ሆኖ የሽማግሌዎቹን ቃል እንዳለ ለመፈተን ተነሣ። እኛ በቤታችን ከባድ ቁም ሣጥን ለብቻችን ስናንቀሳቅስ እንደምናደርገው ማለት ነው፤ ቁም ሣጥኑን አንሸከመውም፥ አንጎትተውምም፤ በአንዱ እግሩ ላይ እናዘነብለውና ሌላውን ጎን ወደ ፊት እናዞረዋለን፥ ከዚያም በተራው ሌላውን እንዲሁ እናደርጋለን። የሞላ በርሜል በጠርዙ አዘንብሎ የሚያዞር ሰውም ሥራው ይኸው ነው። ፓቬልም ገመድ በሐውልቱ ራስና በግርጌው አስሮ፥ 5 ቶን የሚመዝነውን በ8 ሰዎች፥ 9 ቶን የሚመዝነውን በ16 ሰዎች ወደ ፊት አራመደው። ይሁን እንጂ የሐውልቱ ግርጌ እየተሸራረፈ ስለ መጣ ሙከራው በቶሎ ቆመ። ተቃዋሚዎቹም «ይህ መንገድ ሐውልቱን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ጥንት አልተሠራበትም» አሉ።

ተቃውሞው ትክክል ይመስላል። መልሱ የተገኘው ግን በመድረክ ላይ ካሉት ሐውልቶች ዘንድ ሳይሆን በመንገድ ወድቀው ከቀሩት ዘንድ ነው። ከራኖ ራራኩ የሚነሡ የጥንት መንገዶች መኖራቸውን፥ በእነርሱም ዳር ሐውልቶች መውደቃቸውን በ1914 እና በ1915 በደሴቲቱ የቆዩት እንግሊዛዊት ካትሪን ራውትሌጅ አስቀድመው መዝግበው ነበር። ቴሪ ሃንትና ካርል ሊፖ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አርኪዮሎጂስቶች እነዚህን የመንገድ ሐውልቶች አንድ በአንድ ለኩ። ባወጡትም ልኬት መሠረት የመንገዱ ሐውልትና የመድረኩ ሐውልት ቅርጻቸው አንድ አለመሆኑ ታወቀ።

የመድረኩ ሐውልት ግርጌው ጠፍጣፋ ነው፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የመንገዱ ሐውልት ግን ግርጌው ከትከሻው ይልቅ ሰፊ ሲሆን፥ የፊቱ ጠርዝ እንደ ግማሽ ክብ የጎበጠ ነው። ደግሞም ቢያቆሙት ቀጥ አይልም፤ ከ6 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ፊት ያዘነብላል። ይህን ያየ ሰው ጠራቢው ተሳስቷል ሊል ይችላል። ነገር ግን ሐውልቱ ወደ ፊት ሲያዘነብል ክብደቱ በጎበጠው የፊት ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ ወደ ግራ ሲሳብም በጠርዙ ላይ ይዞርና የቀኝ ጎኑ በራሱ ክብደት ወደ ፊት ይወድቃል። ማለት፥ አንዱን እርምጃ የሚያራምደው ከሰዎቹ ጉልበት ይልቅ የሐውልቱ የራሱ ክብደት ነው። ሰዎቹ የሚሠሩት ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ብቻ ነው። ፓቬል ያንቀሳቀሰው ሐውልት ለመቆም የተስተካከለው ዓይነት ስለ ነበረ፥ ግርጌው መሸራረፉ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ሁለቱ ሊቃውንት ይህን ሐሳባቸውን በሃዋይ ፈተኑት። የመንገዱን ሐውልት ልክና ቅርጽ ጠብቀው 3 ሜትር ቁመት፥ 4 ቶን ከ350 ኪሎ ግራም ክብደት ያለው ምስል በሲሚንቶ አሠሩ። ሦስት ገመድ ብቻ አሰሩለት። ሁለቱ ገመዶች ከራሱ በግራና በቀኝ ተዘርግተው በተራ በተራ የሚሳቡ ናቸው፤ ሦስተኛው በስተኋላ የተያዘው በፊቱ እንዳይደፋ የሚያግድ ነው። በጠቅላላው 18 ሰዎች ነበሩ። በመጀመሪያ ገመዱን አለጊዜው እየሳቡ ተቸገሩ፤ ምቱን ካገኙት በኋላ ግን ምስሉ እየተወዛወዘ 100 ሜትሩን በ40 ደቂቃ ሄደ። ውጤቱንም በ2012 አሳተሙት።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 100 ሜትር በ40 ደቂቃ ከሆነ፥ አንድ ኪሎ ሜትር በ400 ደቂቃ፥ ማለትም በ6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሄዳል። ይህ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ነው፤ መንገድ ማስተካከልና ገመድ መለወጥ ሲጨመርበት አንድ ቀን ሙሉ ይወስዳል ብንል አንሳሳትም። ስለዚህ እንዲህ ያለ መጠን ያለው ሐውልት ከካባው አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለ መድረክ ለመድረስ አንድ ሳምንት ያህል ቢፈጅበት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ደርዘን ሰውና ከዛፍ ልጥ የተገመደ ጠንካራ ገመድ ነው።

አንባቢ «ከወደቀስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በእርግጥም ይወድቅ ነበር፤ ማስረጃውም ይኸው ነው። የመንገድ ሐውልቶች ዳገት ሲወጡ ከሆነ በጀርባቸው፥ ቁልቁለት ሲወርዱ ከሆነ በፊታቸው መውደቃቸው ይበዛል። ይህ ቆሞ የሚሄድ ነገር አወዳደቅ ነው። አንዳንዶቹም ቆሞ እንደ ወደቀ ድንጋይ በመካከላቸው ተሰብረዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ግን አቀማመጣቸው ነው። ግማሽ ያህሉ የሚገኙት ከካባው በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነው፤ ከካባው እየራቁ ሲሄዱ ቁጥራቸው ይቀንሳል። ሚዛኑ ያልተስተካከለ ወይም ስንጥቅ ያለበት ሐውልት በጉዞው መጀመሪያ ይወድቃልና፤ መጀመሪያውን ያለፈ ግን እስከ መጨረሻው የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው። የአሮጊቷ ተረት ሐውልቶቹ እየሄዱ ሳሉ ወደቁ ማለቱ፥ አሁን ሲመረመር ከሜዳው ላይ ከሚታየው ነገር ጋር ይስማማል።

መንገዶቹም ለዚሁ የተሠሩ ይመስላሉ። ስፋታቸው 4 ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፥ መካከላቸው ዝቅ፥ ዳርና ዳራቸው ከፍ ያለ ነው። ግንድ ለማንከባለል እንዲህ ያለ ጎድጓዳ መንገድ አይመችም፤ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ሐውልትን ግን ወደ ጎን እንዳይገለበጥ ይደግፈዋል።

እንዲህም ሆኖ ሊቃውንቱ ሁሉ በዚህ አልተስማሙም። የክርክሩ ፍሬ በትልልቆቹ ሐውልቶች ላይ ነው። ከተንቀሳቀሱትና በመድረክ ላይ ከቆሙት ሁሉ የሚበልጠው ፓሮ የሚባለው በሰሜን ጠረፍ ያለ ሐውልት ነው፤ ቁመቱ ወደ 10 ሜትር፥ ክብደቱም ወደ 80 ቶን ይጠጋል። ይህ በሃዋይ ከተፈተነው ምስል አሥራ ስምንት ጊዜ እጥፍ ያህል ነው። ይህን የሚያህል ድንጋይ በእንዲህ ያለ መንገድ በዘመናችን የፈተነ የለም። የክብደት ሕግ ለትንሹም ለትልቁም አንድ ነው፤ ነገር ግን ትልቁ በወደቀ ጊዜ የሚያነሣው የለም። ፓሮ ይህን ፈተና አልፎ ከመድረኩ መድረሱ ግን በዐይን የሚታይ ነገር ነው፤ ዛሬም በመድረኩ አጠገብ ወድቆ ተኝቷል።

ሐውልቱ ከመድረኩ ሲደርስ የመጨረሻው ሥራ ይቀጥላል። ያን ጊዜ ያዘነበለው ግርጌ ይጠረብና ይስተካከላል፤ ሐውልቱም ከዚያ ወዲያ የማይሄድ፥ የሚቆም ይሆናል። የወደቀ ቢኖር የሚነሣበት ጥበብም አልጠፋም ነበር። በ1956 አናኬና በሚባለው የባሕር ዳርቻ አሥራ ሁለት የደሴቲቱ ሰዎች 25 ቶን ያህል የሚመዝነውን የወደቀ ሐውልት በረጃጅም እንጨት ብቻ አቆሙት። በእንጨቱ ጥቂት ይፈነቅሉታል፤ በተከፈተው ስንጥቅ ትንሽ ጠጠር ያስገባሉ፤ እንደ ገና ይፈነቅላሉ፥ እንደ ገና ያስገባሉ። ድንጋዩ ክምር ከፍ እያለ ሐውልቱን ይዞት ወጣ፤ በ18 ቀንም ቀጥ ብሎ ቆመ።

በመጨረሻ ዐይኖቹ ይበጃሉ። በካባውና በመንገድ ያሉት ሐውልቶች የዐይን ጉድጓድ የላቸውም፤ ይህ የሚቀረጸው በመድረኩ ላይ ከቆሙ በኋላ ነው። በ1978 በአናኬና በተደረገው ቁፋሮ ከነጭ ኮራል የተሠራ ዐይን ከነብሌኑ ተገኘ፤ በዚህም ባዶ የሚመስለው ጉድጓድ ዐይን ይገባበት እንደ ነበር ተረጋገጠ። ሐውልቶቹ የሞቱ አባቶችና አለቆች ምስል ስለ ሆኑ፥ አብዛኞቹ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ልጆቻቸውን ወደሚኖሩበት መንደር ይመለከቱ ነበር።

በ1960 በቺሊ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ፥ ከእርሱ የተነሣው የባሕር ማዕበል በቶንጋሪኪ መድረክ አጠገብ ወድቀው የነበሩትን አሥራ አምስት ሐውልቶች ጠርጎ ወደ የብስ በተናቸው። እነዚህን መልሶ ለማቆም ከ1992 እስከ 1996 የተሠራው ሥራ ከጃፓን በመጣ ክሬን የተረዳ ነበር። እነዚያኑ አሥራ አምስት ሐውልቶች ከካባው አምጥተው መጀመሪያ ያቆሙዋቸው ሰዎች ግን የነበራቸው ገመድ፥ እንጨት፥ ጠጠርና አስቀድሞ የታሰበበት የግርጌ ቅርጽ ነው። የራፓ ኑይ ሰዎች ይህን እያወዛወዙ ማራመድ በቋንቋቸው «ነኬ ነኬ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ያለ እግር መራመድ ማለት ነው። ለመቶ ዓመት ያህል እንደ ተረት ሲሳቅበት የኖረው የሽማግሌዎቹ ቃል የሥራው ትክክለኛ ስም ነበረ።